ልጄ አያለቅስም፤ ግን ቱግ ይላል፣ ሆዱንም ያመዋል

ጥያቄ፦ «ልጄ 10 ዓመቱ ነው። ከአራት ወር ወዲህ ባሕርዩ ተለውጦብኛል። በትንሽ በትልቁ ቱግ ይላል፣ እህቱን ይመታል፣ በር እያላጋ ይገባል። በሳምንት ሦስት አራት ቀን ሆዴን አመመኝ ይላል። ሁለት ጊዜ ሐኪም ቤት ወስጄው ደምና ሰገራ ተመርምሮ ምንም የለውም ተባልኩ። አባቱ ‹ትምህርት ቤት ላለመሄድ የሚፈጥረው ነው› ይላል። አንዲት ጓደኛዬ ግን ድባቴ ሊሆን ይችላል አለችኝ። እኔ ሲያለቅስ አላየሁም፣ የከፋውም አይመስልም። ጌም ሲጫወት ይስቃል። እንዲህ ያለ ድባቴ አለ?»

ምላሽ፦ አለ። የመመርመሪያ መስፈርቱ ራሱ ለልጆች ይህን በግልጽ ያስቀምጣል። ለአዋቂ «የመከፋት ስሜት» የሚለው ቦታ ላይ፣ ለልጆችና ለጎረምሶች «ወይም ብስጩነት» የሚል ተጨምሯል። ስለዚህ አንድ ልጅ አንዲት እንባ ሳያፈስ ድባቴ ሊኖርበት ይችላል።

ቀሪው መስፈርት ግን አይላላም። ስሜቱ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል መቆየት አለበት። ከዘጠኝ ምልክቶች ቢያንስ አምስቱ አብረው መታየት አለባቸው። ከአምስቱ አንዱ ደግሞ ወይ ይኸው መከፋት ወይም ብስጩነት፣ ወይ ደስ ይለው የነበረውን ነገር መተው መሆን አለበት። የቀሩት ሰባቱ የእንቅልፍ መዛባት፣ የምግብ ፍላጎት መለወጥ፣ ድካም፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣ ከወትሮው የተለየ መቁነጥነጥ ወይም መፍዘዝ፣ ራስን መናቅና መውቀስ፣ ስለ ሞት ማሰብ ናቸው። በልጅ ላይ የምግቡ ጉዳይ እንደ ክሳት ላይታይ ይችላል። ልጁ በዕድሜው መጨመር የነበረበትን ኪሎ ሳይጨምር ይቀራል።

የሆድ ሕመም ከዘጠኙ ውስጥ የለም። ግን በዚህ ዕድሜ ከድባቴና ከጭንቀት ጋር አብሮ የሚመጣ የተለመደ ቅሬታ ነው። ወላጅ ልጁን ወደ ሐኪም የሚያመጣውም ብዙ ጊዜ በሆዱ ምክንያት ነው እንጂ በስሜቱ አይደለም።

ቁጣው ከየት ይመጣል? የ10 ዓመት ልጅ «ባዶነት ይሰማኛል» ወይም «ተስፋ ቆርጫለሁ» የሚልበት ቋንቋ ገና የለውም። ወንድ ልጅ ከሆነ ደግሞ እንባ እንደሚያሳፍር ቀድሞ ተምሯል። ቁጣ ግን ያስቀጣል እንጂ አያሳፍርም። ይህ አንዱ ነው። ሌላው ከራሱ ከሕመሙ ይመጣል። ድባቴ ውስጥ ያለ ልጅ በደንብ አይተኛም፣ ቶሎ ይደክመዋል፣ ከዚህ በፊት ያስደስተው የነበረው ነገር አሁን ያን ያህል አያስደስተውም። እንዲህ የዛለ ልጅ የሰውን ፊት በክፉ ይተረጉማል። እህቱ ዝም ብላ ስታየው እንደናቀችው ይቆጥረዋል። «የቤት ሥራህን ጨረስክ?» የሚለው ተራ ጥያቄ እንደ ክስ ይሰማዋል። ከውጭ ሲታይ ያለ ምክንያት የነደደ ይመስላል። እሱ ግን በራሱ ሚዛን ራሱን መከላከሉ ነው።

«ጌም ሲጫወት ይስቃል» ያሉት ብዙ ወላጆችን የሚያዘናጋ ነጥብ ነው። የልጅ ስሜት ተለዋዋጭ ነው፤ ድባቴ ያለበት ልጅም ይስቃል። ጌም ደግሞ የተለየ ነገር ነው። ለመጀመር ምንም ጥረት አይጠይቅም፣ ሽልማቱ በሰከንድ ውስጥ ይመጣል፣ ማንንም ማናገር አያስፈልግም። ስለዚህ ሌላው ሁሉ ሲጠፋ መጨረሻ ላይ የሚቀረው እሱ ነው። መጠየቅ ያለበት ይስቃል ወይ የሚለው አይደለም። ከአራት ወር በፊት ያደርጋቸው ከነበሩት ነገሮች የትኞቹን ተወ? ሰፈር ወጥቶ ኳስ ይጫወት ከነበረ አሁንስ ይወጣል? ጓደኛው ሲጠራው ምን ይላል? ጌሙ ሲዘጋ በሚቀጥለው ግማሽ ሰዓት ውስጥስ ምን ይሆናል?

አሁን ወደ ሆዱ ልምጣ። «ምንም የለውም» የሚለው አነጋገር ጉዳት ያደርሳል። ምርመራው ቁስለት ወይም ኢንፌክሽን አላገኘም ማለት፣ ሕመም የለም ማለት አይደለም። አንጀት የራሱ ሰፊ የነርቭ መረብ አለው፤ ከአንጎል ጋር ያለማቋረጥ ይነጋገራል። ጭንቀትና ድባቴ ሲኖሩ አንጀት የሚንቀሳቀስበት ፍጥነት ይለወጣል። ነርቮቹም ይነቃሉ፤ ሌላ ጊዜ የማይሰማ ተራ የአንጀት መወጠር እንደ ቁርጠት ይሰማል። የሬዲዮ ድምፅ ከፍ እንደማድረግ ነው፤ ጣቢያው ያው ነው፣ የጨመረው ድምፁ ነው። ልጁ «ያመኛል» ሲል እውነቱን ነው። «ታስመስላለህ» ሲባል ሁለት ነገር ይማራል፤ አንደኛ እንደማያምኑት፣ ሁለተኛ እንዲያምኑት ጮክ ብሎ መናገር እንዳለበት።

ይህ ሲባል ግን ሆዱን ሁሉ ለስሜት ሰጥቶ መተውም ስህተት ነው። ሕመሙ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰው ከሆነ፣ ክብደት ከቀነሰ ወይም ቁመቱ ከቆመ፣ ሰገራው ደም ካለው፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት ካለው፣ ተቅማጡ ከረዘመ፣ ሽንት ሲሸና ካቃጠለው፣ ወይም ሕመሙ ሁልጊዜ በአንድ በኩል፣ በተለይ በቀኝ፣ ከሆነ ተመልሶ መታየት አለበት። ከስሜት ጋር የተያያዘው ሕመም አብዛኛውን ጊዜ እምብርት አካባቢ ነው። ልጁ አንድ ቦታ በጣቱ ሳይጠቁም በመዳፉ መሃሉን ይደባብሳል። አንድ ነገር ደግሞ በደምና በሰገራ ምርመራ አይታይም፤ የሆድ ድርቀት። በስንት ቀን አንዴ እንደሚወጣ፣ ሲወጣም እንደሚያስቸግረው ይጠይቁት። በዚህ ዕድሜ ወላጅ ይህን አያውቅም፤ ልጁም ሳይጠየቅ አይናገርም። የደም ማነስና የታይሮይድ ችግርም ድካምና ብስጩነት ስለሚያመጡ፣ ካልታዩ አንድ ጊዜ ይታዩ። ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ከሐኪም ሐኪም መዞር ይቁም። እያንዳንዱ አዲስ ምርመራ ልጁን «ያልተገኘ ከባድ በሽታ አለብኝ» ወደሚል ፍርሃት ይገፋዋል።

አባቱ ያሉትን በቁጣ መመለስ አያስፈልግም፤ መፈተን ይቻላል። ለሁለት ሳምንት ማስታወሻ ይያዙ። በየቀኑ አራት ነገር ብቻ ይጻፉ፦ ስንት ሰዓት ተኝቶ ስንት ሰዓት እንደነቃ፣ ሆዱን ያመመው መቼ እንደሆነና መቼ እንደተወው፣ የተቆጣው መቼ እንደሆነና ወዲያው በፊት ምን እንደነበረ፣ በዚያ ቀን ወዶ ያደረገው ነገር ካለ። አስተያየት አይጨምሩ። «ባለጌ ሆነ» ሳይሆን «ማታ፣ ሒሳብ ሲሠራ፣ ደብተሩን ወረወረ» ብለው ይጻፉ።

ማስታወሻው ምን እንደሚያወጣ በአንድ ልጅ ላሳይዎት። የ11 ዓመት ልጅ ነው። ቤተሰቡ ያመጡት በድብድብ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ሊያግደው ጫፍ ላይ ደርሷል። አባቱ ሆዱን የሚያመው በትምህርት ቀን ጠዋት ብቻ ነው ብለው እርግጠኛ ነበሩ። ማስታወሻው ሌላ ነገር አሳየ። ቅዳሜና እሁድም ያመዋል። ቁጣው የበዛው ጠዋት ሳይሆን ማታ ነው፤ የቤት ሥራ ሲጀምርና ጌም ሲዘጋበት። ለመኝታ መብራቱን ካጠፋ በኋላ ከሁለት ሰዓት በላይ ሳይተኛ ይገላበጣል፤ በቀን የሚተኛው ሰባት ሰዓት ገደማ ነው። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ ደግሞ ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። «ወዶ ያደረገው» የሚለው ረድፍ ከጌም በስተቀር ባዶ ነው። ቀድሞ ይሥል ነበር፤ ቀለሞቹን ለታናሽ ወንድሙ ሰጥቷቸዋል። ቤተሰቡ ይህንን እንደ ደግነት ነበር ያዩት። ብቻውን ሳናግረው ስለ መከፋት ምንም አላለም። ስለ ድብድቡ ስጠይቀው ግን «ሁሌም እኔ ነኝ የማበላሸው፤ እኔ ባልኖር ቤቱ ሰላም ይሆን ነበር» አለ። ወሳኙ ይህ ዓረፍተ ነገር ነበር። ብስጩነት፣ የተተወ ደስታ፣ የተዛባ እንቅልፍ፣ ራስን መውቀስ፣ አለመኖርን መመኘት፤ አምስት ሆነ። ይህ ልጅ ሰነፍም ባለጌም አልነበረም።

ማስታወሻው በተቃራኒውም ሊወጣ ይችላል። ሕመሙ በትምህርት ቀን ጠዋት ብቻ ከመጣ፣ እቤት ከቀረ ረፋዱ ላይ ከለቀቀው፣ በእረፍት ቀንና በክረምት ዕረፍት ልጁ እንደ ድሮው ከሆነ፣ ትምህርት ቤቱን መመርመር ይቀድማል። የሚያስፈራራው ልጅ፣ የሚያዋርደው መምህር፣ ማንበብ አቅቶት የሚደብቀው ችግር ሊኖር ይችላል። ከእርስዎ መለየት መፍራትም አለ። እንዲህ ያለው ነገር ጭንቀት እንጂ ድባቴ ላይሆን ይችላል። ግን ረጅም ጊዜ ከቆየ ወደ ድባቴ ሊመራ ይችላል፤ ሁለቱ አብረው መገኘታቸውም የተለመደ ነው።

ሌላው መለያ ጊዜው ነው። እርስዎ «ከአራት ወር ወዲህ» ብለዋል፤ ይህ ትልቅ መረጃ ነው። ድባቴ ከነበረበት መለወጥ ነው፤ «ልጄ እንዲህ አልነበረም» የሚያሰኝ። ከትንሽነቱ ጀምሮ የሚቅበጠበጥ፣ የማያዳምጥ፣ ቶሎ የሚናደድ ልጅ ከሆነ የሚታሰበው ኤዲኤችዲ የሚባለው የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር ወይም ሌላ የባሕርይ ችግር ነው። እንቅልፍ ሳይተኛ ለቀናት የማይደክመው፣ ከመጠን በላይ የሚፈነጥዝ፣ ወሬው የማያቆም ልጅ ከሆነ ደግሞ ይህን ለሐኪሙ ከሁሉ በፊት ይንገሩ፤ የመድኃኒት ምርጫን ይለውጣል።

ልጁን ሲያናግሩት ፊት ለፊት አስቀምጠው «ምን ሆነሃል?» አይበሉት። «ምንም» ይልዎታል፤ ምክንያቱም አያውቀውም። ጎን ለጎን እየሄዳችሁ ወይም አንድ ነገር አብራችሁ እየሠራችሁ ትንሽና ተጨባጭ ነገር ይጠይቁት። «ዛሬ በጣም ያናደደህ ሰዓት የትኛው ነበር?» «ማታ ስትተኛ ምን ታስባለህ?» መልሱ አጭር ከሆነ ይብቃዎት፤ ምክር አያስከትሉ።

አንድ ጥያቄ ግን መዝለል አይቻልም። በእርጋታ እንዲህ ይበሉት፦ «አንዳንድ ልጆች በጣም ሲናደዱ ወይም ሲከፋቸው ባልኖር ይሻለኝ ነበር ብለው ያስባሉ። አንተስ አስበህ ታውቃለህ?» መጠየቁ ሐሳቡን አያመጣበትም። ብዙ ልጆች እንዲያውም ሲጠየቁ ይቀልላቸዋል። «አዎ» ካለ አይደንግጡበት፣ አይቆጡትም። መቼ እንዳሰበና እንዴት ለማድረግ እንዳሰበ ይጠይቁት። መንገዱን ካሰበ፣ ራሱን ጎድቶ ካወቀ፣ ወይም አሁንም እያሰበ ከሆነ ብቻውን አይተዉት፤ በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። ያም ሆነ ይህ መድኃኒቶችን፣ ኬሚካሎችን፣ ስለታም ነገሮችን፣ መሣሪያ ካለም መሣሪያውን ዛሬውኑ ቆልፈው ያስቀምጡ። ቱግ የሚል ልጅ ብዙ አያስብበትም፤ አደጋው ከእቅዱ ይልቅ ያቺ የንዴት ቅጽበት ነች።

ሕክምናው በዚህ ዕድሜ የሚጀምረው በንግግር ሕክምና ነው፤ ወላጅም አብሮ ይገባበታል። በብዛት የሚሠራበት ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ የሚባለው ነው። ብዙ ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለሁለት ሦስት ወር ይቀጥላል። ለትንሽ ልጅ ዋናው ክፍሉ ሐሳብን መተንተን አይደለም። የተወውን ነገር በትንሽ በትንሹ መመለስ ነው። ቅደም ተከተሉ ብዙ ወላጅ ከሚጠብቀው ተቃራኒ ነው። «ደስ ሲለው ይወጣል» ብለን አንጠብቅም፤ መውጣቱ ይቀድማል፣ ስሜቱ ቀስ ብሎ ይከተላል። ያ የ11 ዓመት ልጅ የጀመረው በሳምንት ሁለት ቀን ለ15 ደቂቃ ከአባቱ ጋር በመሣል ነበር። መጀመሪያ ላይ አጉረመረመ፤ ሥዕሉንም ቀደደ። አባትየው እንዲቀጥሉ የተነገራቸው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ሰዓቱን ማክበርና ሥዕሉን አለመገምገም። ከዚያ ከአንድ ጓደኛ ጋር ኳስ ተጨመረ። የመነሻ ሰዓቱ በየቀኑ አንድ ሆነ፣ ስክሪን ከመኝታ አንድ ሰዓት በፊት መዘጋት ጀመረ። ከሁሉ ቀድሞ የተስተካከለው እንቅልፉ ነው፣ ቀጥሎ ሆዱ። ቁጣው ዘግይቶ ነው የሄደው፤ ይህ ተስፋ እንዳያስቆርጥዎት።

ሆዱን ሲያመው ማመን ይኖርብዎታል፤ ከትምህርት ቤት ማስቀረት ግን የለብዎትም። «እንደሚያምህ አምናለሁ። ለጤናህ የሚያሰጋ እንዳልሆነም ሐኪሙ አይቷል። ስለዚህ እንሄዳለን» ማለት ይበቃል። ከትምህርት ቤቱ ጋር ተነጋግረው፣ ሕመሙ ሲብስ አሥር ደቂቃ የሚያርፍበት ጸጥ ያለ ቦታ ተመድቦለት ወደ ክፍል ይመለስ። እቤት መቅረት ከለመደ መመለሱ በየቀኑ ይከብዳል። ከቀረ ደግሞ ቀኑ የጌም ቀን አይሁን። በትምህርት ሰዓት ስለ ሆዱ ደጋግመው አይጠይቁት፤ ጥያቄው ራሱ ሐሳቡን ወደ ሆዱ ይመልሰዋል።

እህቱን መምታት አይፈቀድም፤ ድባቴም ቢሆን። ግን በንዴቱ ሰዓት የሚሰጥ ስብከት ውኃ ወቀጣ ነው። ያኔ ልጆቹን ይለዩ፣ ቃል ያሳጥሩ፣ ሲበርድ ይነጋገሩ። ቅጣቱ አጭርና አስቀድሞ የሚታወቅ ይሁን። ኳስንና ጓደኛን ለቅጣት መንጠቅ ግን ሕክምናውን መንጠቅ ነው። ዱላ ደግሞ «እኔ መጥፎ ነኝ» የሚለውን ሐሳቡን ያጸናለታል።

መድኃኒት የመጀመሪያው እርምጃ አይደለም። ድባቴው ከበድ ካለ ወይም በጥቂት ሳምንታት የንግግር ሕክምና ካልተንቀሳቀሰ ይታሰባል። ያኔ ከ8 ዓመት ጀምሮ ለልጆች ድባቴ ፈቃድና የተሻለ ማስረጃ ያለው ፍሉኦክሰቲን ነው። ብዙ ጊዜ በቀን በ10 ሚሊግራም ይጀመራል። ውጤቱን ለማየት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይጠይቃል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆድን ሊያውክ ይችላል፤ ይህ ቀድሞ ካልተነገረው ሆዱን የሚያመው ልጅ መድኃኒቱን በሦስተኛው ቀን ይጥለዋል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2004 በዚህ ዓይነት መድኃኒቶች ላይ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። በተገመገሙት ጥናቶች ራስን የመጉዳት ሐሳብ ወይም ሙከራ ያሳዩት መድኃኒቱን ከወሰዱ ልጆች ከመቶ አራት ያህሉ፣ መድኃኒት የሌለበት የማስመሰያ ክኒን ከወሰዱት ደግሞ ሁለት ያህሉ ነበሩ። በእነዚያ ጥናቶች ውስጥ ራሱን ያጠፋ ልጅ አልነበረም። ከዚህ የምንወስደው መድኃኒቱን መፍራት ሳይሆን የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በቅርብ መከታተል ነው። በድንገት መቁነጥነጥ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ከወትሮው የባሰ ግልፍተኝነት ከታየ ለሐኪሙ ወዲያው ይደወላል። ሻል ሲለው ወዲያው አይቋረጥም፤ ከዳነ በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር ይቀጥላል፣ ሲቆምም በሐኪም እየተቀነሰ ነው።

አሚትሪፕቲሊን ለልጁ ድባቴ ቢታዘዝልዎት ለምን እንደሆነ ይጠይቁ። በልጆች ድባቴ ላይ ጥቅሙ አልተረጋገጠም፣ ከመጠን ያለፈ ሲወሰድ ደግሞ ለልብ አደገኛ ነው። ከዘመድ ወይም ከጎረቤት የተረፈ የእንቅልፍና የጭንቀት ክኒንም ጨርሶ አይስጡት።

በጻፉልኝ ብቻ ልጅዎ ድባቴ አለበት ብዬ መፍረድ አልችልም። ከአምስቱ የነገሩኝ አንዱን ነው፤ የእንቅልፉን፣ የተወውን ነገርና ስለ ራሱ የሚያስበውን አልነገሩኝም። ምክሬ ግን አንድ ነው። የሞት ሐሳብን ጥያቄ በዚህ ሳምንት ይጠይቁት፣ ማስታወሻውን ነገ ይጀምሩ፣ ቀጠሮውን ደግሞ ማስታወሻው እስኪያልቅ ሳይጠብቁ አሁኑኑ ይያዙ፤ አራት ወር በቂ ጊዜ ነው። የሚመረጠው ልጆችን የሚያይ የሥነ አእምሮ ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። ከሌለ የሕፃናት ሐኪም ይጀምረው። ሲሄዱ ማስታወሻውን፣ የተሠሩትን የላብራቶሪ ውጤቶችና ከመምህሩ የተጻፈ አንድ ገጽ ይያዙ። አባቱም ይምጡ። በቤተሰቡ ድባቴ፣ ወይም ስሜት በድባቴና ከመጠን ባለፈ ፍንጠዛ መካከል የሚዋዥቅበት ባይፖላር የሚባል ሕመም ያለበት ሰው ካለ ይናገሩ፤ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ራሳችሁ ድባቴ ካለባችሁም እንዲሁ፣ የወላጅ መታከም የልጁን ማገገም ያግዛልና። ሐኪሙ ልጁን ለተወሰነ ጊዜ ብቻውን እንዲያናግረው ይጠይቁ። ይህን ሳያደርግ በአሥር ደቂቃ ውስጥ «ዕድሜው ነው፣ ያልፋል» ካለዎት ወይም የመድኃኒት ማዘዣ ከሰጠዎት ሌላ ባለሙያ ዘንድ ይውሰዱት።